አስርዮሽ ዲግሪ

በስልክ ካርታ ላይ አንድን ቦታ ጫን አድርገን ስንይዝ ብቅ የሚሉት ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች የተጻፉት በ«ዴሲማል ዲግሪ» ነው፤ በአማርኛ አስርዮሽ ዲግሪ እንበለው። የመጀመሪያው ኬክሮስ ነው፤ ቦታው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የቱን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል። ሁለተኛው ኬንትሮስ፣ ለንደን ግሪንዊች ላይ ከሚያልፈው መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ይለካል።

የቆየው አጻጻፍ ግን ዲግሪን እንደ ሰዓት በ60 ደቂቃ፣ ደቂቃን በ60 ሴኮንድ ይከፍላል። በዚህ አጻጻፍ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያሉት 12°01′46″ ሰሜን፣ 39°02′26″ ምሥራቅ ላይ ነው። ወደ አስርዮሽ ለመለወጥ ደቂቃውን ለ60፣ ሴኮንዱን ለ3600 አካፍሎ በዲግሪው ላይ መደመር ይበቃል፦

```
12 + 1/60 + 46/3600 = 12.0294
39 + 2/60 + 26/3600 = 39.0406
```

ብዙ ሰው ይህን ስሌት ይዘልና ምልክቶቹን አጥፍቶ 12.0146, 39.0226 ብሎ ይጽፋል። ነጥቡ ወደ ደቡብ ምዕራብ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸሻል። የዚህ ስሕተት ክፋቱ ካርታው አሁንም ላስታን ማሳየቱ ነው፤ ማንም አይጠረጥርም። ኬክሮስና ኬንትሮስ ቢገለባበጡ ግን ነጥቡ በሰርዲኒያና በኢጣሊያ መካከል ባሕር ላይ ስለሚያርፍ ወዲያው ይታወቃል። ለነገሩ የኢትዮጵያ ኬክሮስ ከ3 እስከ 15፣ ኬንትሮሷ ከ33 እስከ 48 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ለአገራችን ቦታ ትንሹ ቁጥር መቅደም አለበት።

የትኛው አጻጻፍ እንደሆነ ካልታወቀ ከነጥብ በኋላ ያሉትን አሃዞች ሁለት ሁለት አድርጎ ማየት ይረዳል። ደቂቃም ሴኮንድም ከ59 አይበልጥም፤ በ12.0294 ውስጥ ያለው 94 ሴኮንድ ሊሆን አይችልም። በ12.0146 ግን 01ም 46ም ከ60 በታች ናቸው፤ እዚህ ላይ ላኪውን ከመጠየቅ ሌላ መላ የለም።

በስልክ ሲነበብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ነጥብ ዜሮ አራት» የተባለው «ነጥብ አርባ» ሆኖ ሲጻፍ 39.04 ወደ 39.40 ይለወጣል፤ ይህ በላሊበላ ኬክሮስ ወደ ምሥራቅ 39 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ሰዎች የጻፉት ካልገጠመ አንዱን ከሌላው ቀንሱ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ተቀያይረው ከሆነ ልዩነቱ ምንጊዜም ለ9 ይካፈላል፤ 3940 ሲቀነስ 3904፣ 36 እንደሚሆነው። ለ9 ካልተካፈለ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ዜሮውንም ሳትዘሉ አንብቡ፤ የሰማው ሰው መልሶ ያንብብላችሁ፤ መኪና ከመነሳቱ በፊትም ነጥቡ አጠገብ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም ድልድይ እንዳለ ጠይቁ።