ያለ ክላፐር የተቀረፀን ድምፅ በዌቭፎርም ማጣጣም

በዌቭፎርም ማጣጣም በሪከርደር ለብቻው የተቀዳን ድምፅ፣ ካሜራው በራሱ ማይክ ከቀዳው ድምፅ ጋር እያመሳሰሉ ከምስሉ ጋር የማጋጠሚያ ዘዴ ነው። የካሜራው ድምፅ በመጨረሻው ፊልም ላይ ባይሰማም እንደ መሪ ያገለግላል፤ ስለዚህ «ድምፁን በሪከርደር ይዘነዋል» ብሎ የካሜራውን ማይክ መዝጋት ዘዴውን ከመነሻው ያሳጣል።

ሁለት ማይኮች አንድን ንግግር ሲቀዱ የድምፁ ጉልበትና ጥራት ቢለያይም፣ ሞገዱ ከፍና ዝቅ የሚልበት ቅደም ተከተል አንድ ነው። ሶፍትዌሩ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እያንሸራተተ ይበልጥ የሚመሳሰሉበትን ቦታ ይፈልጋል። ስሌቱ ክሮስ ኮሪሌሽን ይባላል፤ ፕሪሚየር፣ ፋይናል ከት ፕሮ እና ዳቪንቺ ሪዞልቭ ውስጥ አብሮ ይገኛል። በእጅ ለሚያጣጥም ሰው እንደ ክላፐር የሚያገለግለው ድንገተኛ ድምፅ ነው፦ ጭብጨባ፣ በር ሲዘጋ፣ ወይም እንደ «ጠ» እና «ቀ» ያለ ፈንጂ ተነባቢ። አማርኛ በእነዚህ ስለማያንስ አማርኛ ንግግር ለዚህ ሥራ ይመቻል።

ሞገዶቹ ገጠሙ ማለት ግን ከንፈሩ ገጠመ ማለት አይደለም። ተናጋሪው ደረቱ ላይ ማይክ አድርጎ መድረክ ላይ ቆሟል፤ ካሜራው 14 ሜትር ርቆ ከአዳራሹ ጀርባ ተተክሏል እንበል። ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ስለሚጓዝ ካሜራው ዘንድ የሚደርሰው 41 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚቀረፅ ቪዲዮ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነውና፣ የደረቱ ማይክ ድምፅ ከካሜራው ድምፅ ጋር ሲገጥም ከከንፈሩ አንድ ፍሬም ወደ ኋላ ይቀራል። መፍትሔው ካጣጣሙ በኋላ ንጹሑን ድምፅ አንድ ፍሬም ወደ ፊት ማስቀደም ነው።

በረጅም ቀረፃ ደግሞ መንሸራተት ይመጣል። የካሜራውና የሪከርደሩ የውስጥ ሰዓቶች ፍጥነት ፍጹም አንድ አይደለም፤ ልዩነታቸው ከሚሊዮን 20 እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ፍሬም ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይሆናል። መጀመሪያው ገጥሞ መጨረሻው ከተዛነፈ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ተናጋሪው ዝም ባለበት ቦታ ድምፁን ቆርጦ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ማስተካከል ይበቃል።

ሶፍትዌሩ በልበ ሙሉነት የሚሳሳተው ምቱ በሚደጋገም ሙዚቃ ላይ ነው። የሠርግ ጭፈራ ላይ አንዱ ምት ሌላውን ስለሚመስል፣ ድምፁን አንድ ምት አሳልፎ ሊያስቀምጠው ይችላል። ለማረጋገጥ ሁለቱን ድምፆች አንድ ላይ መክፈት ነው፤ ከገጠሙ እንደ አንድ ድምፅ ይሰማሉ፣ ምናልባት ትንሽ ባዶ በርሜል ውስጥ እንዳለ ሆነው። ቃሉ ተደግሞ እንደ ገደል ማሚቶ ከተሰማ ግን አልገጠሙም። ይህ ፍተሻ በቀረፃው መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ይደረጋል።