የይደር ዝርዝር፦ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ያላለቀው

ልደታ ፍርድ ቤት ደርሶ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ችሎቱ መዝገቡን ሲያስተላልፍ ቀኑን ብቻ ተናግሮ አያሰናብትም፤ ለምን እንደቀጠረም ይናገራል። ‹‹መልስ ለመቀበል››፣ ‹‹ምስክር ለመስማት››፣ ‹‹መዝገቡን መርምሮ ፍርድ ለመስጠት›› እያለ ያስመዘግባል። በቀጠሮው ቀን ባለጉዳዩም፣ ጠበቃውም፣ ዳኛውም ‹‹ዛሬ ለምን ነበር የመጣነው?›› ብለው አይጀምሩም። የቀጠሮው ምክንያት ካለፈው ቀን ተጽፎ ይጠብቃቸዋል።

ከፍርድ ቤቱ ብዙ ሳይርቁ፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም አንዱ ብሎክ ሥር የሚሰበሰበው የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ ግን ይህን አያደርግም። ብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶቻችንም አያደርጉም። ስብሰባው ‹‹ለሚቀጥለው እናየዋለን›› ተብሎ ይበተናል፤ ምኑን እንደምናይ የተጻፈ ነገር የለም። በፕሮጀክት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ለዚህ ክፍተት የሚጠቀሙበት መሣሪያ አላቸው፤ በአፋቸው ‹‹ኦፕን ኢሹ ሊስት›› ይሉታል፣ አንዳንዱም በአጭሩ ‹‹ፔንዲንግ›› ይላል። ከስብሰባው የድምፅ ቅጂ ወይም ከተገለበጠው ጽሑፍ ውስጥ መልስ ያላገኙ ጥያቄዎችንና ያልተቋጩ ጉዳዮችን ለቅሞ ማውጣት፣ ከዚያም የሚቀጥለውን አጀንዳ ከእነሱ መጀመር ማለት ነው።

በአማርኛ ምን እንበለው? ‹‹የእንጥልጥል ጉዳዮች ዝርዝር›› የሚል አለ፤ ‹‹እልባት ያላገኙ ጉዳዮች›› የሚልም አለ። እኔ ‹‹የይደር ዝርዝር›› የሚለውን እመርጣለሁ። የተንጠለጠለ ጉዳይ ማንም ሳያስበው፣ ማንም ሳይወስን የቀረ ነው። ይደር የተባለ ጉዳይ ግን አንድ ሰው ‹‹ዛሬ ይደር›› ብሎ፣ ለሚታወቅ ቀን ያቆየው ነው። ‹‹በይደር ተይዟል›› የሚለው አነጋገር ለምክር ቤትም ለቀበሌም ስብሰባ እንግዳ አይደለም። የዝርዝሩ ሥራም ይኸው ነው፤ የተንጠለጠለውን ወደ ይደር መለወጥ።

ቃለ ጉባኤ ለምን ይህን ሥራ እንደማይሠራ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከዚህ በታች ያለው ለማብራሪያ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው፤ በጋራ መኖሪያ ቤት ለኖረ ሰው ግን ጉዳዩ ባዕድ አይሆንበትም። ኮሚናል የሚባለው የጋራ መገልገያ ሕንፃ ላይ ነው ክርክሩ፦

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ቀጣዩ የኮሚናሉ ጉዳይ ነው። አንዱ ክፍል ለመጋዘን ይከራይ የሚል ሐሳብ መጥቷል።
አንዲት እናት፦ ለመረዳት ያህል ነው ልጄ፤ እሱ ከተከራየ በዓል ሲመጣ በጉን የት ልናርድ ነው?
ገንዘብ ያዥ፦ እትዬ፣ ፓምፑ እኮ እንደቆመ ነው። ኪራይ ካልገባ ውሃ ላይኛው ፎቅ አይወጣም።
አንድ አባት፦ ለመሆኑ ማከራየት ይፈቀድልናል? ወረዳው ምን ይላል?
ሰብሳቢ፦ እሱ ይጠየቃል።
አንድ ወጣት፦ ጋሼ፣ የፓምፑን ማሠሪያ ዋጋ ማን ነው ያጠናው? አምና የተባለውን ነው ዘንድሮም የምንሰማው።
ገንዘብ ያዥ፦ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል።
ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ይታሰብበት። ወደ ጥበቃው እንለፍ።

በቃለ ጉባኤው ላይ ይህ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይወጣል፦ ‹‹የጋራ መገልገያ ሕንፃውን በተመለከተ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በቀጣይ እንዲታይ ተወስኗል።›› ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት የለበትም፤ ግን አራት ጥያቄዎች ቀብሯል። ቃለ ጉባኤ የተሠራው ውሳኔን ለመመዝገብ ነው፤ ሲፈርሙበትም ‹‹ይህን ወስነናል›› ለማለት ነው። ያልተወሰነውን የሚያስገባበት ቦታ ስለሌለው ‹‹ሰፊ ውይይት›› የምትለዋ ሐረግ ትውጠዋለች።

አሁን ግልባጩን ይዘን እንልቀም። በአማርኛ ንግግር ያልተዘጋ ነገር የሚደበቀው በጥቂት ቦታዎች ነው። የመጀመሪያው ትሕትና ነው። ‹‹ለመረዳት ያህል ነው›› ብለው የጀመሩት እናት ጠንከር ያለ ተቃውሞ ነው ያነሡት፤ በጥያቄ ምልክት ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ማብራሪያ የጠየቁ ይመስለዋል። ሁለተኛው በሌላ ጉዳይ የተመለሰ ጥያቄ ነው። እናቲቱ ስለ እርድ ጠየቁ፤ የተመለሰላቸው ስለ ፓምፕ ነው። መልስ የሚመስል ነገር ስለተከተለ ጥያቄው የተዘጋ ይመስላል። በግልባጭ ላይ እያንዳንዱን ጥያቄ ከሚከተለው ንግግር ጋር አጣምሮ ‹‹ይህ ለዚያ መልስ ነው?›› ማለት ብቻውን ብዙ ያወጣል።

ሦስተኛው፣ በእኔ እምነት ዋናው፣ ባለቤት የሌለው ግሥ ነው። ‹‹ይጠየቃል››፣ ‹‹ይሰበሰባል››፣ ‹‹ይታሰብበት››፣ ‹‹ይጣራ››። ማን ይጠይቃል? ማን ይሰበስባል? ቋንቋችን አድራጊውን ሳይጠራ የተሟላ ዓረፍተ ነገር ይሠራል፤ ሰብሳቢውም ሳያስበው ከዚያ ይጠቀማል። ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ፣ በድምፁ ላይ ‹‹ገንዘብ ያዡ ደብዳቤውን ይሰጣል›› እና ‹‹ደብዳቤው ይሰጣል›› ውስጥ ያሉት ሁለት የተለያዩ ግሦች በወረቀት ላይ አንድ ቃል ይሆናሉ። አንዱ ሰጪ አለው፣ ሌላው የለውም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ ጽሑፉን ብቻ አምኖ መልቀም አይበቃም፤ ወደ ድምፁ ተመልሶ መስማት ያስፈልጋል። ‹‹እሺ››ም እንዲሁ ነው። ‹‹ሰምቻለሁ›› ማለት ይሆናል፣ ‹‹ተስማምቻለሁ›› ማለትም ይሆናል፣ ‹‹አሁን በቃችሁ›› ማለትም ይሆናል። ከላይ ያለው የሰብሳቢው ‹‹እሺ›› የመጨረሻው ነው።

(ድምፅ መቅረጽ ካነሣን፣ በስብሰባው መጀመሪያ ላይ ተነግሮና ተፈቅዶ መሆን አለበት። በስውር የተቀረጸ ነገር ከሚያወጣው ይደር የሚያመጣው ጠብ ይበልጣል። ሁሉንም መገልበጥም ግዴታ አይደለም። የአንድ ሰዓት ንግግር መገልበጥ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ አንድ ጊዜ ሰምቶ ጥያቄ የተነሣባቸውን ደቂቃዎች ምልክት አድርጎ እነሱን ብቻ ቃል በቃል መጻፍ ለኮሚቴ በቂ ነው።)

ከምሳሌያችን የሚለቀሙት እንግዲህ እነዚህ ናቸው፦ ማከራየት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ከተከራየ የበዓል እርድ የት ይደረጋል? የፓምፑ ጥገና ዛሬ ስንት ያወጣል? ክፍሉ ይከራይ ወይስ አይከራይ? ከእነዚህ ሥር ደግሞ ማንም በግልጽ ያልጠየቀው አንድ አለ፤ የፓምፑ ገንዘብ ከኪራይ ይምጣ ወይስ ከነዋሪው መዋጮ? ገንዘብ ያዡ ሁለቱን ነገሮች አያይዞ ሲናገር ይህን ጥያቄ የተመለሰ አስመስሎታል። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ሰው ይህን መጻፍ ይችላል፤ ግን ‹‹ከውይይቱ የተረዳ›› ብሎ ለይቶ ነው መጻፍ ያለበት። ሰዎች ያላሉትን በአፋቸው ማስገባት የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ከታየበት ዝርዝሩን ማንም አያምነውም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፤ የተለቀመውን ሁሉ አጀንዳ ማድረግ። አምስቱ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ይፈቀዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ክርክር አይፈታውም፤ ሃያ ሰው ለሁለት ሰዓት ቢወያይበት መልሱ አይለወጥም። የሚፈታው የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብና የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ን ማንበብ፣ ቀጥሎም ወረዳው ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ነው። የፓምፑ ዋጋም እንዲሁ ነው፤ ፕሮፎርማ ሰብስቦ የሚመጣ ሰው ይፈልጋል። እነዚህ ከስብሰባው በፊት የሚያልቁ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ስምና አንድ ቀን ያስፈልጋቸዋል፣ በስብሰባው ላይ የሚወስዱትም መልሱን የመንገር ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ይከራይ ወይስ አይከራይ የሚለውና የገንዘቡ ምንጭ ግን በእውነት ሰዎች የተለያዩበት ነው። የስብሰባ ሰዓት የሚገባው ለእነሱ ነው። የእርዱ ጥያቄም ከኪራዩ ጋር አብሮ ይታያል፤ ለብቻው ከተነሣ ወደ ኋላ ይመልሰናል።

ይህ መለየት ለፍርድ ቤት ሰዎች አዲስ አይሆንም። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከቁጥር 246 አንሥቶ ስለ ጭብጥ አመሠራረት ይደነግጋል። አንዱ ወገን የሚለውን ሌላው ሲክድ ጭብጥ ይወለዳል፤ ዳኛው የሁለቱን ወገን ጽሑፍ አንብቦ፣ ጠይቆ፣ የተማመኑበትን ወደ ጎን ትቶ የሚከራከሩበትን ብቻ በጥያቄ መልክ ያወጣል። ‹‹ተከሳሽ ዕዳውን ከፍሏል ወይስ አልከፈለም?›› እንጂ ‹‹ስለ ዕዳው›› አይልም። ልዩነቱ፣ ኮሚቴ ዳኛ ስለሌለው ጭብጡን ራሱ ከራሱ ንግግር ማውጣት አለበት።

አጀንዳውም በዚያው መልክ ቢጻፍ ይበጃል። ‹‹ስለ ኮሚናል›› የሚል አጀንዳ ካለፈው ስብሰባ ምንም አይሸከምም፤ ሰዉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከይደር ዝርዝሩ የወጣው አጀንዳ እንዲህ ይነበባል፦

ይደር 3፦ የኮሚናሉ አንድ ክፍል ለመጋዘን ይከራይ ወይስ አይከራይ?
የቆመበት፦ ኪራዩ ለፓምፑ ጥገና ይውላል ተብሏል፤ በበዓል ለእርድ ቦታ ይጠፋል የሚል ተቃውሞ ቀርቦ መልስ አላገኘም።
ለመወሰን የሚያስፈልግ፦ የወረዳው መልስ (ጸሐፊው)፣ የፓምፕ ፕሮፎርማ (ገንዘብ ያዡ)፣ ሁለቱም ከስብሰባው 3 ቀን በፊት።
የሚወስነው፦ ኮሚቴው ነው ወይስ ጠቅላላ ጉባኤው? ከደንቡ ይረጋገጥ።

የመጨረሻዋን መስመር ብዙ ሰው ይዘላታል። አንድ ጉዳይ ስብሰባ ከስብሰባ የሚንከባለልበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የሐሳብ እጥረት ሳይሆን፣ የመወሰን ሥልጣን የሌላቸው ሰዎች ደጋግመው ስለሚወያዩበት ነው። ከዝርዝሩ ላይም ይታወቃል። አንድ ቁጥር ለሦስተኛ ጊዜ ‹‹ይደር›› ከተባለ፣ መጠየቅ ያለበት ‹‹ለምን አልተስማማንም?›› ሳይሆን ‹‹ይህ የኛ ነው ወይ?›› ነው።

ቁጥሮቹም አይለወጡም። ይደር 3 እስኪዘጋ ድረስ ይደር 3 ነው፤ ሲዘጋም በምን እንደተዘጋ ይጻፋል፦ ተመለሰ፣ ተወሰነ ወይም ተተወ። ‹‹ተተወ›› የሚለውን ሰው ይፈራዋል፤ ስለሚፈራውም የሞቱ ጉዳዮች ዝርዝሩን ያጣብቡታል። ኮሚናሉን ማከራየት አይፈቀድም የሚል መልስ ከወረዳው ከመጣ፣ ኪራዩም እርዱም በአንድ ቀን ይዘጋሉ። የፓምፑ ገንዘብ ግን አይዘጋም፤ እሱ ቁጥሩን እንደያዘ፣ ‹‹መዋጮው ለላይኛውም ለታችኛውም ፎቅ እኩል ይሁን?›› ከሚል አዲስ ጥያቄ ጋር ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል።