«ብቸኛ ጥንድ» ወይስ «ያልተጋራ ጥንድ»?

አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ጽሑፍ ሁለት አቶሞችን የሚያስተሳስረው የጋራቸው የሆነ አንድ የኤሌክትሮን ጥንድ መሆኑን አስረዳ፤ የውጭ ኤሌክትሮኖችንም በአቶሙ ምልክት ዙሪያ በነጥብ አመለከተ። ከዚህ አሣሣል አንድ የስያሜ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ለትስስር ሳይውል ለአንዱ አቶም ብቻ የሚቀረው ጥንድ ምን ይባል? የሚል ነው።

በእንግሊዝኛ የተለመደው ስም ቃል በቃል ሲተረጐም «ብቸኛ ጥንድ» ይሆናል። ሁለት የሆነን ነገር ብቸኛ ማለት ለአማርኛ ጆሮ ሻካራ መሆኑ ይቅርና፣ ቃሉ ጥንዱን ከሌሎቹ የተገለለና ሥራ የሌለው ያስመስለዋል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ውሃን እንመልከት። ኦክስጅን 6 የውጭ ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች አንዳንድ ሲጨምሩ 8፣ ማለትም አራት ጥንድ ይሆናል። ሁለቱ ጥንዶች ለትስስር ይውላሉ፤ ሁለቱ ሳይጋሩ ይቀራሉ። የሉዊስ ነጥቦች ግን ቈጠራ እንጂ ቅርጽ አይደሉም፤ ሞለኪውሉን ቀጥ አድርጎም ሆነ አጉብጦ መጻፍ ይቻላል።

ቅርጹን ከቈጠራው ያገናኙት ሲጅዊክና ፓውል ናቸው። እነርሱ በ1940 ያልተጋሩትንም ጥንዶች ከተጋሩት ጋር ደምረው ቈጠሩ። ጥንዶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ በተቻለ መጠን ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ አራት ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 109.5 ዲግሪ ነው። የውሃው ማዕዘን ግን ተለክቶ 104.5 ዲግሪ ሆኖ ተገኝቷል። ጊሌስፒና ናይሆልም በ1957 ለዚህ ምክንያት ሰጡ። ያልተጋራውን ጥንድ የሚስበው አንድ ኒውክሊየስ ብቻ ስለ ሆነ፣ ጥንዱ በአቶሙ ዙሪያ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ በዚህም የትስስሩን ጥንዶች አጥብቆ ይገፋና ያቀራርባቸዋል። ሥራ የለውም የተባለው ጥንድ እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ገፊ ነው!

ውሃ ባለ ዋልታ የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሞለኪውሉ ስለ ጐበጠ፣ ኦክስጅን ከሁለቱ ሃይድሮጅኖች ወደ ራሱ የሚስበው ኤሌክትሮን አንዱ ሌላውን አያጣፋም፤ በኦክስጅን በኩል አሉታዊ፣ በሃይድሮጅን በኩል አዎንታዊ ወገን ይፈጠራል። በእርግጥ ሕጉ አቅጣጫውን እንጂ መጠኑን አይናገርም። በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ቈጠራው ያው ሆኖ ሳለ ማዕዘኑ ወደ 92 ዲግሪ ይወርዳል፤ ይህን ያህል እንደሚወርድ ከነጥቦቹ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት «ያልተጋራ ጥንድ» ይሻላል፤ የጥንዱን ሁኔታ ይገልጻል፣ ስለ ሥራው ግን ሐሰት አይናገርም። ይሁን እንጂ መዝገበ ቃላቱ አንድ ነገር መጨመር አለበት። በካርቦን ዳይኦክሳይድ እያንዳንዱ ኦክስጅን ሁለት ያልተጋሩ ጥንዶች አሉት፤ ተማሪው እነዚህን ቈጥሮ ሞለኪውሉን እንደ ውሃ ሊያጐብጠው ይችላል። በመካከል ያለው ካርቦን ግን ያልተጋራ ጥንድ የለውም። ሁለቱ ድርብ ትስስሮች በ180 ዲግሪ ይራራቃሉ፣ ስበታቸው ይጣፋል፣ ሞለኪውሉም ዋልታ አልባ ይሆናል። ስለ ቅርጽ በሚናገር ፍች ውስጥ «የመካከለኛው አቶም ያልተጋራ ጥንድ» ተብሎ በሙሉ መጻፍ ይኖርበታል።