የጀጎል መስጊዶች በእርግጥ ተሰባስበዋልን? የቅርብ ጎረቤት ርቀት መለኪያና ወሰኑ

የጥንት ከተማን ካርታ ዘርግቶ መስጊዶቹን በነጥብ ያመለከተ ተመራማሪ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰፈር የተጠጋጉ ነጥቦችን ያስተውላል። ከዚህም ተነሥቶ «እዚህ ሰፈር ጥንታዊ የዕውቀት ማዕከል ነበረ» ወይም «ከተማይቱ የተቈረቈረችው ከዚህ ነው» ወደሚል መደምደሚያ ይሻገራል። ይህ አነጋገር አንድ ጊዜ በመጽሐፍ ከሰፈረ በኋላ መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ፣ ኢማሙም ለጀመዓው እንደ ተረጋገጠ ታሪክ ያስተላልፉታል። ይሁን እንጂ ነጥቦች ያለ አንዳች ምክንያት በዘፈቀደ ቢበተኑም እዚህ ይጠጋጋሉ፣ እዚያ ይራራቃሉ። በዘፈቀደ የተበተነ ነገር በእኩል ርቀት አይደረደርም። ስለዚህ ቀዳሚው ጥያቄ «ለምን ተሰባሰቡ?» ሳይሆን «መጠጋጋታቸው ከዘፈቀደ ይበልጣልን?» የሚለው መሆን አለበት።

ለዚህ ጥያቄ ከቀረቡት መለኪያዎች ቀላሉ በ1954 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ክላርክና ፍራንሲስ ኢቫንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ለዕፅዋት ስርጭት ጥናት ያወጡት ነው። ቆይቶም የጥንት ሰፈራን የሚያጠኑ የአርኪኦሎጂ ሊቃውንት ተቀብለውታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከእያንዳንዱ ነጥብ እስከ ቅርብ ጎረቤቱ ያለው ርቀት ይለካል፤ የርቀቶቹም አማካይ ይወሰዳል። ከዚያም ይህ አማካይ፣ ያንኑ ያህል ነጥብ በዚያው ስፋት ላይ በዘፈቀደ ቢበተን ከሚጠበቀው አማካይ ጋር ይነጻጸራል። የተለካው ለሚጠበቀው ሲካፈል 1 አካባቢ ቢሆን ስርጭቱ ከዘፈቀደ አይለይም። ከ1 በእጅጉ ቢያንስ መሰባሰብን፣ በእጅጉ ቢበልጥ ደግሞ ሆን ተብሎ የተራራቀ የሚመስል አቀማመጥን ያመለክታል።

የሐረር ጀጎልን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች ከተማ 48 ሄክታር ያህል ስፋት አላት፤ በውስጧም 82 መስጊዶች እንዳሉ ተመዝግቧል። 48 ሄክታር 480,000 ካሬ ሜትር ነውና ለ82 ሲካፈል ለአንድ መስጊድ 5,854 ካሬ ሜትር ያህል ይደርሳል። የዚህ ካሬ ሥር 76.5 ሜትር ነው። የዘፈቀደ ስርጭት የሚጠበቅ አማካይ የዚሁ እኩሌታ ስለሆነ 38.3 ሜትር ይሆናል። መስጊዶቹ በዘፈቀደ ቢቀመጡ እንኳ አንዱ ከሌላው በአማካይ ከ40 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ይገኝ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የሁለት መስጊዶች በጥቂት እርምጃ መገናኘት ብቻውን ምንም አያስረዳም።

ይህ አማካይ በዕድል ብቻ ከፍና ዝቅ ማለቱ አይቀርም። በክላርክና በኢቫንስ ቀመር የመዋዠቁ መጠን፣ ማለትም መደበኛ ስሕተቱ፣ ለ82 ነጥብና ለ48 ሄክታር 2.2 ሜትር ነው። እንግዲህ ከ100 የዘፈቀደ ስርጭት 95ቱ ያህል ከ34 እስከ 42.6 ሜትር ባለው መካከል ይወድቃሉ። ሆኖም ይህ ቀመር ከቅጥሩ አጠገብ ያለ ነጥብ በአንድ ወገን ጎረቤት እንደሌለው አይቆጥርም። ዶኔሊ በ1978 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ማረሚያ መሠረት 3.3 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የቅጥሩ ዙሪያ ሲታሰብ የሚጠበቀው አማካይ ወደ 40.5 ሜትር ከፍ ይላል፤ ወሰኑም ከ35.5 እስከ 45.5 ሜትር ይሆናል። በመስክ የተለካው አማካይ ከ35.5 ሜትር ካነሰ ብቻ ነው የመሰባሰብ ክርክር የሚከፈተው።

ትልቁ ስሕተት ግን ከቀመሩ ሳይሆን ስፋቱን ከመምረጥ ይመጣል። የተለካው አማካይ 38 ሜትር ነው ብለን እናስብ። በቅጥሩ ውስጥ ይህ ከዘፈቀደ የማይለይ ቁጥር ነው። አንድ ተመራማሪ ግን የካርታውን ወረቀት ዳርቻ እንደ ወሰን ወስዶ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ባዶ መሬት ቢጨምርና ስፋቱ 96 ሄክታር ቢሆን የሚጠበቀው አማካይ 54 ሜትር ይደርሳል። ምጥጥኑም ወደ 0.70 ይወርዳል። አንድም መስጊድ ከቦታው ሳይነቃነቅ ስሌቱ «እጅግ ተሰባስበዋል» ይላል። የተገኘው ግን መስጊዶች በቅጥር ውስጥ መሠራታቸው ብቻ ነው፤ ይህንንም ማንም ያውቀዋል። ስለዚህ የምጥጥን ቁጥር ስናነብ አስቀድመን የምንጠይቀው «ስፋቱ እስከ የት ተለካ?» ብለን ነው።

ስፋቱ በትክክል ቢመረጥም የታሪክ ችግር ይቀራል። ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩ እንደሆኑ ይነገራል፤ የቅጥሩ ግንባታ ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለገዙት ለአሚር ኑር ይሰጣል። በተለያየ ዘመን የተሠሩትን በአንድ ላይ ስንለካ ቅጥሩ ሳይኖር የተሠራውን መስጊድ በቅጥሩ ወሰን እንዳኘዋለን። የእያንዳንዱ ዘመን መስጊዶች ለብቻቸው ቢለኩ ይሻላል፤ ግን ቁጥራቸው ሲያንስ የመዋዠቁ ወሰን ይሰፋል፣ ከሦስት ነጥብም ምንም ሊባል አይቻልም።

ሌላው የሚያሳስተው መለኪያው የሚያየው የመጀመሪያውን ጎረቤት ብቻ መሆኑ ነው። 82ቱ መስጊዶች በ10 ሜትር ርቀት ሁለት ሁለት ሆነው 41 ጥንድ ቢሆኑ፣ ጥንዶቹም በመላ ከተማይቱ በእኩል ቢከፋፈሉ፣ አማካዩ 10 ሜትር ይሆናል። ፈተናውም ብርቱ መሰባሰብን ያውጃል። አንድም ሰፈር ግን ከሌላው አልበለጠም። አንድ መስጊድና ከጎኑ ያለው ቅጥያ ለየብቻ ተመዝግበው ከሆነ ይህ ስሕተት ይፈጠራል። ምርመራው ቀላል ነው፦ እስከ ሁለተኛውና እስከ ሦስተኛው ጎረቤት ያለውንም ርቀት መለካት። መሰባሰቡ በመጀመሪያው ብቻ ታይቶ ከጠፋ ነገሩ የጥንድ እንጂ የሰፈር አይደለም።

አለካኩም ጥንቃቄ ይሻል። ነጥቡ በአንዱ መስጊድ ከበሩ፣ በሌላው ከሚሕራቡ ቢወሰድ በአጭር ርቀት ላይ ልዩነቱ ይጎላል፤ ስለዚህ ሁሉም ከሚሕራብ ይለኩ። በጠባብ የድንጋይ አጥር መካከል የስልክ ጂፒኤስ በብዙ ሜትር ሊስት ይችላል፤ እኛ የምንፈልገው ልዩነት ደግሞ 5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሜትር ገመድ ወይም በጥሩ የአየር ፎቶግራፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም መስጊድ የሚሠራው ሰው በሚኖርበት ነው። ከገበያውና ከመቃብሩ መሐል በዘፈቀደ አይወድቅም። ስለዚህ ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ባዶ ስፋት ሳይሆን የቤቶቹ አቀማመጥ ነው። በቅጥሩ ውስጥ ካሉት ቤቶች 82ቱን በዕጣ መርጦ አማካዩን ማስላት፣ ይህንንም በኮምፒዩተር 999 ጊዜ መደጋገም ይቻላል። የመስጊዶቹ አማካይ ከእነዚህ ጋር ሲደረደር ከ25ቱ ዝቅተኞች መካከል ከሆነ፣ መስጊዶቹ ከቤቶቹ ይልቅ ተሰባስበዋል ማለት ይቻላል። በዕጣ የወጡት ቤቶችም በዚያው ቅጥር የታጠሩ ስለሆኑ የወሰን ማረሚያ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ሲፈጸም ፈተናው የሚሰጠን አንድ ነገር ነው፤ መጠጋጋቱ ምክንያት የሚሻ መሆን አለመሆኑን። ምክንያቱን አይነግረንም። የወቅፍ ሰነድ፣ የዑለማ የትውልድ ሐረግ፣ የሽማግሌዎች ቃል የሚጠየቁት ከዚህ በኋላ ነው። ከዘፈቀደ የማይለይ ሆኖ ከተገኘም «የዕውቀት ማዕከሉ እዚህ ነበረ» የሚለው ቃል በካርታው ሳይሆን በሰነዱ ብቻ ይቆማል፤ ሰነድ ከሌለው ደግሞ ለደረሳ ከመነገሩ በፊት ቢዘገይ ይሻላል።